«በቸልተኝነት ነው» ተብሎ የሚዘጋ ግኝት

አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ። የውስጥ ኦዲተሩ መጋዘን ገብቶ የፕሪንተር ቶነር ሲቆጥር ስቶክ ካርዱ 120 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው ግን 103 ነው። የመጀመሪያ ረቂቁ እንዲህ ይነበባል፦ «17 ቶነር ጎድሎ ተገኝቷል። ምክንያቱ የመጋዘን ሠራተኛው ቸልተኝነት ነው። በሀብት ላይ ብክነት አስከትሏል። ወደፊት መመሪያው ሊከበር ይገባል።»

አምስቱም ክፍሎች ያሉ ይመስላሉ፤ ሆኖም እንዲህ የተጻፈ ግኝት በሚቀጥለው ዓመትም ያው ሆኖ ይመለሳል።

የታየውን ሁኔታ ማስተካከል ቀላል ነው፤ መቼ እና በማን ፊት እንደተቆጠረ መጨመር ይበቃል። መስፈርቱም «መመሪያው» ተብሎ አይታለፍም። የቤቱ የንብረት መመሪያ ንብረት በሞዴል 20 ተጠይቆ በሞዴል 22 ብቻ ወጪ እንዲሆን ካዘዘ፣ አንቀጹ ይጠቀሳል። ያለዚያ ግኝቱ የኦዲተሩ የግል አስተያየት ነው ተብሎ ውድቅ ሊደረግ ይችላል።

አስቸጋሪው ምክንያቱ ነው። እኔ ረቂቅ ሳነብ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሠራተኛው ነገ ቢዛወር ችግሩ ይቆማል? ኦዲተራችን ተመልሶ ሲጠይቅ ሌላ ነገር አገኘ። ወጪ የሚፈቅዱት ኃላፊ ብዙ ጊዜ መስክ ናቸው፤ ውክልና አልሰጡም። ሥራ ሲቆም ክፍሎቹ በብጣሽ ወረቀት ፈርመው ይወስዳሉ፤ «ሞዴሉ በኋላ ይመጣል» ይባላል፣ አይመጣም። ስቶክ ካርዱንም ቢን ካርዱንም የሚይዘው ያው የመጋዘን ሠራተኛ ስለሆነ ሁለቱን የሚያስተያይ ሌላ ዓይን የለም።

ምክንያቱ ሲጠራ ውጤቱም ይለወጣል። የ11 ቶነር ብጣሽ ወረቀት ተገኘ፣ በየክፍሉም ተረጋገጠ። አንዱ 4,000 ብር ቢሆን፣ 44,000 ብሩ ያልተመዘገበ ወጪ ነው፤ በእርግጥ የጠፋው የ6 ቶነር ዋጋ፣ 24,000 ብር ነው። «68,000 ብር ባክኗል» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ከመውጫ ስብሰባው ላይ አንድ ወረቀት ብቻ ቀርቦ ሪፖርቱን በሙሉ ባስጠረጠረው ነበር። በሌላ በኩል ረቂቁ ያላየው ጉዳት አለ፦ ካርዱ ከእውነቱ በላይ ስለሚያሳይ ግዢ ይዘገያል።

የማሻሻያ ሐሳቡ እንግዲህ ምክንያቱን ተከትሎ ይሄዳል፦ ኃላፊው በጽሑፍ ተወካይ ይሰይሙ፣ ስቶክ ካርዱ ወደ ንብረት ሒሳብ ሠራተኛ ይዛወር፣ የስድስቱ ቶነር ጉዳይ ይጣራ። ለእያንዳንዱ ፈጻሚና ቀን ይቀመጥለታል። «መመሪያው ይከበር» ግን መስፈርቱን መልሶ መጻፍ ነው።

ኃላፊው «ካርዱን የሚረከብ ሰው የለኝም» ሊሉ ይችላሉ። ያኔ መልሳቸው እንዳለ ሪፖርቱ ውስጥ ይገባና ሌላ መንገድ ይፈለጋል፤ ለምሳሌ ከመጋዘኑ ውጭ ያለ ሠራተኛ በየወሩ ሳይነገር መጥቶ ውድ ዕቃዎችን ቢቆጥር።