የደም ፒኤች ሲሰላ የካርቦኒክ አሲድ ሁለተኛ እርከን ለምን ይተዋል?

ካርቦኒክ አሲድ ሃይድሮጂን አዮኖቹን በሁለት እርከን ይለቃል፤ በመጀመሪያው ባይካርቦኔት፣ በሁለተኛው ካርቦኔት ይፈጠራል። በደም ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ አሲዱ ሲቆጠር የመጀመሪያው እርከን ፒኬኤ 6.1 ነው፤ የሁለተኛው ግን 10 ገደማ ነው።

በአንድ ሊትር ፕላዝማ 24 ሚሊሞል ባይካርቦኔትና 1.2 ሚሊሞል የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢገኝ ጥምርታቸው 20 ነው። የ20 ሎጋሪዝም 1.3 ስለሆነ ፒኤቹ 6.1 ሲደመር 1.3፣ ማለትም 7.4 ይሆናል። ይህም ከ10 በ2.6 ስለሚያንስ ካርቦኔቱ የባይካርቦኔቱ 400ኛ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው እርከን ቢተው ስሌቱ አይዛባም።

ነገር ግን ተከፍቶ የቆየ የባይካርቦኔት ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያጣ ፒኤቹ ወደ 9 ሲጠጋ ካርቦኔቱ የባይካርቦኔቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይደርሳል። ያን ጊዜ ሁለተኛው እርከን አይተውም፤ ካልሲየም ሲጨመርም ነጭ ዝቃጭ ሊታይ ይችላል።