በአንድ ሚሊ ሜትር የሚለወጥ ተኩስ

በኦሊምፒክ የትራፕ ውድድር ተኳሹ ዒላማው ከሚወረወርበት ጉድጓድ 15 ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ይቆማል። ድምፅ ሲያሰማ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት የሸክላ ሳህን ከጉድጓዱ ተወርውራ እየሸሸችው ትበራለች። ጠመንጃውን አዙሮ እስኪተኩስ ድረስ ከ30 ሜትር በላይ ርቃለች። ከአፈሙዙ የሚወጣው አንድ ጥይት ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ የእርሳስ ፍሬዎች ናቸው። ፍሬዎቹ በሄዱ ቁጥር እየተበተኑ ስለሚሄዱ ጥያቄው ሳህኗ ጋ ሲደርሱ ምን ያህል ተራርቀዋል የሚለው ነው።

ይህን የሚወስነው ቾክ የሚባለው የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት ነው። የተለመደው ባለ 12 ቁጥር ሾትገን የውስጥ ስፋቱ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ «ፉል» የተባለው ቾክ ጫፉን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ያጠበዋል። «ሞዲፋይድ» የዚያን ግማሽ፣ «ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር» ሩብ ያህሉን ያጠባሉ። «ሲሊንደር» ምንም ጥበት የለውም። ጥበቱ በዳር ያሉትን ፍሬዎች ወደ መሃል ስለሚገፋቸው ተሰብስበው ርቀው ይሄዳሉ።

የቾክ መለኪያው ከድሮ ጀምሮ አንድ ነው። በ36.6 ሜትር ርቀት ላይ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከመቶ ስንት ፍሬ ገባ ይባላል። ለሲሊንደር 40፣ ለኢምፕሩቭድ ሲሊንደር 50፣ ለሞዲፋይድ 60፣ ለፉል 70 ገደማ ይጠበቃል። አሁን የትራፕ ተኳሻችንን እናስላለት። ደንቡ የሚፈቅድለት 24 ግራም እርሳስ ነው። ፍሬው 2.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 7½ ቁጥር የሚባለው፣ 300 ያህል ፍሬ ይሆናል። በፉል 210 ፍሬ ክቡ ውስጥ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ፍሬ 22 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። በጠርዟ የምትታይ ሳህን ስፋቷ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ፍሬ ሊያገኛት የሚችልበት ዕድል ጥሩ ነው። በሲሊንደር ግን የሚገባው 120 ፍሬ ብቻ ነው፤ ለአንዱ 38 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ተኳሹ በትክክል ቢያነጣጥር እንኳ ሳህኗ በፍሬዎቹ መካከል ሾልካ ልታልፍ ትችላለች። ስሌቱ አማካይ ነው፤ በእውነቱ መሃሉ ይጠቀጠቃል፣ ዳሩ ይሳሳል።

በስኪት ውድድር ነገሩ ይገለበጣል። ሳህኗ የምትመታው በ20 ሜትር ገደማ ላይ፣ በተኳሹ ፊት አቋርጣ ስታልፍ ነው። በፉል ቢተኮስ ፍሬዎቹ ገና አልተበተኑም፤ ትንሽ የማነጣጠር ስህተት ሁሉንም ያሳልፋል። ስለዚህ ክፍት ቾክና 2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 9 ቁጥር የሚባል ደቃቅ ፍሬ ይመረጣል። ያው 24 ግራም 500 ያህል ይሆንለታል። ይህን ደቃቅ ፍሬ ወደ ትራፕ መውሰድ ግን አያዋጣም፤ ትንሽ ፍሬ ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚያጣ ሩቅ ያለችውን ሳህን ቢነካትም ላይሰብራት ይችላል።

ወፍ ደግሞ ሳህን አይደለም። ሳህን አንድ ሁለት ፍሬ ካገኛት ትሰበራለች። ወፍ ግን ፍሬው ላባና ጡንቻ አልፎ ልብና ሳንባ ካልደረሰ ቆስሎ በርሮ ይሄዳል፤ ይህ ከመሳት የከፋ ነው። ስለዚህ ለትልልቅ የቆቅ ዘመዶች ብዙ ጊዜ 6 ቁጥር፣ 2.8 ሚሊ ሜትር ፍሬ ይመረጣል። በ32 ግራም 250 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ እያንዳንዱ ግን ጠልቆ ይገባል። ወፉ ከ15 ሜትር ሲነሳ ክፍት ቾክ ይሻላል። በፉል በዚያ ርቀት ከተመታ ሥጋው ተቦጫጭቆ ለምግብ አይሆንም።

እርሳስ የዳክዬዎችን መኖሪያ ስለሚመርዝ አሜሪካ በ1991 ለውሃ ወፎች አደን በመላ አገሪቱ ከለከለችው። ብዙዎች ወደ ብረት ፍሬ ዞሩ። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ መምረጥ የተለመደ ነው፤ በ6 ቁጥር እርሳስ ፋንታ 4 ቁጥር ብረት ማለት ነው። ብረት ስለማይጨፈለቅ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ በሞዲፋይድ የሚሰጠው ስርጭት እርሳስ በፉል ከሚሰጠው ብዙም አይለይም። ለብረት ያልተሠራ ጠባብ ቾክ ግን በብረት ፍሬ ሊጎዳ ይችላል።

በቾኩ ላይ የተጻፈው ስም ዋስትና አይደለም። ያው ቾክ በአንዱ ካርትሪጅ የተሰበሰበ፣ በሌላው የተበተነ ስርጭት ይሰጣል። ትልቅ ወረቀት ስቀሉ፤ በምትተኩሱበት ርቀት ላይ ቆማችሁ መሃሉን ዒላማ አድርጋችሁ፣ በየጊዜው አዲስ ወረቀት እየቀየራችሁ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተኩሱ። ፍሬ በበዛበት ዙሪያ ክብ ሥላችሁ ቁጠሩ፤ አንድ ሳህን ሾልካ የምታልፍበት ባዶ ቦታ ካገኛችሁ ቾኩን ወይም ካርትሪጁን ለውጡ። ተፈትቶ የሚወጣ ቾክ ከመንካታችሁ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ቾኩ በሌለበትም አትተኩሱ፣ የአፈሙዙን ጥርስ ያበላሻል።