መጋገሪያው ነገም ይሠራል ወይ?

ለምሳሌ ያህል አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። የዛሬ 3 ዓመት መጋገሪያና ማቡኪያ ማሽን በ8 ሚሊዮን ብር ገዛ። ማሽኑ 10 ዓመት ያገለግላል ተብሎ በየዓመቱ 800 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ ስለሚታሰብለት፣ ዛሬ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ያለው ዋጋ 5.6 ሚሊዮን ብር ነው። ደላላ ተጠርቶ ማሽኑ ተነቅሎ ይሸጥ ቢባል ግን ገዢ የሚሰጠው 2.6 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። የመንቀያው፣ የጭነቱና የደላላው ወጪ ሲነሳለት እጅ የሚገባው 2.4 ሚሊዮን ይሆናል።

ታዲያ የማሽኑ ትክክለኛ ዋጋ የትኛው ነው? መልሱ በማሽኑ ላይ አይገኝም። ዳቦ ቤቱ ነገም ከነገ ወዲያም የሚጋግር ከሆነ 5.6 ሚሊዮን ብር ማለት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ያ ገንዘብ በቀሪዎቹ 7 ዓመታት ከዳቦ ሽያጭ እየተመለሰ ይመጣል። ዳቦ ቤቱ የሚዘጋ ከሆነ ግን ያንን ገንዘብ የሚመልስ ዳቦ አይኖርም። የሒሳብ ባለሙያዎች «ጎይንግ ኮንሰርን» ወይም የቀጣይነት ግምት የሚሉት ይህን ነው፦ ድርጅቱ ሥራውን እየሠራ፣ ዕዳውን በየቀኑ እየከፈለ ይቀጥላል ብሎ መነሳት። በመግለጫው ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ አንባቢው ግን ብዙ ጊዜ አያየውም።

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ ይህን ግምት በየዓመቱ መመርመር በመጀመሪያ ደረጃ የድርጅቱ አመራር ግዴታ ነው። አመራሩ ቢያንስ ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቀጥሎ ያሉትን 12 ወራት ማየት አለበት። በ13ኛው ወር የሚወድቅ ትልቅ ብድር እንዳለ እያወቀ ዓይኑን መጨፈን ግን አይፈቀድለትም፤ 12 ወር የፍለጋው መነሻ እንጂ ድንበሩ አይደለም። የውጭ ኦዲተሩ ሥራ ከዚያ ይከተላል፤ የአመራሩን ግምገማ ይመረምራል፣ ይሞግታል።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? ብዙ ሰው ወዲያው ኪሳራን ይጠቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጥሬ ገንዘቡን ነው። የእኛ ዳቦ ቤት ባለፈው ዓመት ትንሽ ትርፍ አሳይቷል እንበል። ትርፉ የመጣው ለሆቴሎች በዱቤ ከተሸጠ ዳቦ ነው፤ ከሆቴሎቹ ገና ያልተሰበሰበው 900 ሺህ ብር ሲሆን ባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ 100 ሺህ ብር ብቻ ነው። የዱቄት አቅራቢው ድሮ በ30 ቀን ይከፈለው ነበር፤ አሁን 60 ቀን ይጠብቃል፤ ዕዳውም 1.4 ሚሊዮን ብር ደርሷል። ትርፍ እያሳየ ለአቅራቢው መክፈል የሚከብደው ድርጅት፣ ሥራውን የሚያካሂደው በሌሎች ሰዎች ገንዘብ ነው። የቤት ኪራይ ውሉ ሊያልቅ 5 ወር ቀርቶት የማሳደስ ተስፋው አጠራጣሪ ከሆነ፣ ወይም ባንኩ ብድሩን ሲሰጥ ያስቀመጠው ግዴታ ከተጣሰና ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሊጠይቅ ከቻለ፣ ጥርጣሬው ይበረታል።

ይህን በትልቁ ያሳየው የእንግሊዙ ካሪሊዮን ነው። ካሪሊዮን ሆስፒታልና መንገድ የሚሠራ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለእስር ቤቶች አገልግሎት የሚሰጥ፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 43 ሺህ ሠራተኞች የነበሩት ግዙፍ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ያወጣው የ2016 ሒሳብ 147 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የቅድመ ግብር ትርፍ ያሳያል። ኦዲተሩ ኬፒኤምጂም ስለ ቀጣይነቱ ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ አልነበረም። በሐምሌ 10 ቀን 2017 ኩባንያው ከግንባታ ውሎቹ 845 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚሰረዝ አስታወቀ። በጥር 15 ቀን 2018 ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ሲያዝ በእጁ የቀረው ጥሬ ገንዘብ 29 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ዕዳውና ግዴታው ደግሞ ወደ 7 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ከጤናማው ሪፖርት እስከ መፍረስ 1 ዓመት እንኳ አልሞላም።

ምልክቶቹ ግን በዚያው በ2016 ሪፖርት ውስጥ ነበሩ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የተጣራው የባንክ ዕዳ 219 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው ተባለ፤ የዓመቱ አማካይ ግን 587 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ ሒሳቡ የሚዘጋበት ቀን ከሌላው ቀን ተለይቶ እየተዘጋጀ እንደሆነ ያስጠረጥራል። አቅራቢዎች ገንዘባቸውን የሚያገኙት ከ120 ቀን በኋላ ነበር፤ ቶሎ የፈለገ ከባንክ ቅናሽ ተደርጎበት ይወስዳል፣ ካሪሊዮን ደግሞ ቆይቶ ለባንኩ ይከፍላል። ነገሩ በምንነቱ ብድር ነው፤ በመግለጫው ላይ ግን «ሌሎች ተከፋዮች» በሚል ስም ተቀምጦ የኩባንያውን የብድር መጠን አሳንሶ አሳየ። ከሁሉ በላይ እኔን የሚያስደነግጠኝ መልካም ዝና የተባለው ሀብት ነው። ካሪሊዮን ሌሎች ኩባንያዎችን ሲገዛ ከተጨባጭ ንብረታቸው በላይ የከፈለው ገንዘብ 1.57 ቢሊዮን ፓውንድ ሆኖ በሀብትነት ተመዝግቧል። የተጣራ ሀብቱ በጠቅላላ ግን 730 ሚሊዮን ገደማ ነበር። መልካም ዝናው ሲወጣ ዕዳው ከሀብቱ ይበልጣል ማለት ነው። መልካም ዝና ደግሞ የሚኖረው ሥራው እስከቀጠለ ድረስ ብቻ ነው፤ ኩባንያው በተዘጋ ማግስት ገበያ አውጥቶ የሚሸጠው ሰው የለም። የእንግሊዝ የኦዲት ተቆጣጣሪ አካል በጥቅምት 2023 ኬፒኤምጂን 21 ሚሊዮን ፓውንድ የቀጣው፣ ኦዲተሮቹ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች በሚገባ ሳይሞግቱ በማለፋቸው ነው።

ምልክት ታየ ማለት ግን ድርጅቱ አበቃለት ማለት አይደለም። አመራሩ መውጫ መንገድ ካለው ያቀርባል፦ ባለአክሲዮኖች ካፒታል ይጨምራሉ፣ ባንኩ የብድሩን ጊዜ ያራዝማል፣ ትርፍ ንብረት ይሸጣል። ጠንካራ ኦዲተር እዚህ ላይ ወረቀት ብቻ ተቀብሎ አይመለስም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወንድም «2 ሚሊዮን ብር አበድራለሁ» ብሎ ደብዳቤ ከጻፈ፣ ኦዲተሩ የወንድምየውን የባንክ ሒሳብ ይጠይቃል። ባንኩ ያራዝማል ከተባለ የተፈረመ ሰነድ ይፈልጋል። የገንዘብ ትንበያውንም ሽያጩን በ10 ወይም በ20 ከመቶ ቀንሶ እንደገና ይሠራዋል፤ ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ያያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መውጫው አሳማኝ ሆኖ ጉልህ ጥርጣሬ ግን ከቀረ፣ መግለጫው በቀጣይነት ግምት ይዘጋጃል፤ ጥርጣሬውም በማብራሪያው ውስጥ በግልጽ ይጻፋል። ኦዲተሩ በሪፖርቱ ውስጥ ቀጣይነትን የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍል ከፍቶ ወደዚያ ማብራሪያ ይጠቁማል። ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ክፍል ኦዲተሩ ሒሳቡን ነቀፈ ማለት አይደለም። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ የቆሙበት መሬት ግን ሊከዳ ይችላል እያለ ነው። አመራሩ ጥርጣሬውን ከደበቀ ነው አስተያየቱ ራሱ የሚበላሸው። ድርጅቱ መውጫ ሳይኖረው በቀጣይነት ግምት ከተዘጋጀ ደግሞ ኦዲተሩ መግለጫው ትክክለኛውን ሁኔታ አያሳይም ብሎ ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለውም። አመራሮች ይህን ክፍል በጣም ይፈሩታል፤ አቅራቢው ካነበበው ዱቤ ያቆማል፣ ባንኩ ይደነግጣል፣ የተፈራው ውድቀት በፍርሃቱ ይፈጥናል ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ዝምታው ድርጅቱን አያድነውም፤ ጉዳቱን ከባለቤቱ ወደ ዱቄት አቅራቢው ያሸጋግረዋል እንጂ።

ግምቱ ሲፈርስ ምን እንደሚለወጥ በዳቦ ቤታችን እንየው። በቀጣይነት ግምት ሀብቱ ይህ ነው፦ ማሽን 5.6 ሚሊዮን፣ በኪራይ ቤቱ ላይ የተሠራው ማሻሻያ 1 ሚሊዮን፣ ዱቄትና ማሸጊያ 600 ሺህ፣ የሆቴሎች ዕዳ 900 ሺህ፣ ጥሬ ገንዘብ 100 ሺህ፤ በድምሩ 8.2 ሚሊዮን ብር። የባንክ ብድሩ 4 ሚሊዮን፣ የአቅራቢው ዕዳ 1.4 ሚሊዮን ነው፤ ለባለቤቶቹ የሚቀረው 2.8 ሚሊዮን ብር።

ባለቤቶቹ ለመዝጋት ወሰኑ። ማሽኑ 2.4 ሚሊዮን ይሆናል። በኪራይ ቤቱ ግድግዳና ወለል ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ለአከራዩ ስለሚቀር ዜሮ ነው። ዱቄቱ ይሸጣል፤ የዳቦ ቤቱ ስም የታተመበት ማሸጊያ ግን ለማንም አይሆንም፤ በአንድ ላይ 350 ሺህ። ሆቴሎቹ የሚዘጋ ድርጅት ለሚጠይቃቸው ዕዳ ስለማይቸኩሉ 700 ሺህ ይሰበሰባል እንበል። ከጥሬ ገንዘቡ ጋር በድምሩ 3.55 ሚሊዮን ብር። በዕዳው በኩል ቀድሞ ከባንክ ብድሩ በዚህ ዓመት የሚከፈለው 1 ሚሊዮኑ ብቻ ነበር፤ አሁን 4 ሚሊዮኑም ወዲያው ተከፋይ ሆኖ ይቀመጣል። ለሠራተኞች ስንብት 450 ሺህ ሲጨመር ዕዳው 5.85 ሚሊዮን ይሆናል። ባለቤቶቹ 2.8 ሚሊዮን ይቀረናል ያሉት ተገልብጦ 2.3 ሚሊዮን ብር ጉድለት ሆነ። በመካከል የተሰረቀ ነገር የለም፤ የተለወጠው «ነገም እንጋግራለን» የሚለው ብቻ ነው።

ዓለም አቀፉ ደረጃ ግምቱ ሲፈርስ ያንን እውነታ፣ የተተካውን የአሠራር መሠረትና ምክንያቱን ግለጽ ይላል፤ እያንዳንዱን ቁጥር እንዴት እንደምንለካ ግን ዝርዝር መመሪያ አልሰጠም። ስለዚህ ማብራሪያውን ማንበብ ግድ ነው። አሜሪካኖች ግን ለዚህ የተለየ ደንብ አላቸው፤ መፍረሱ የማይቀር ሲሆን የተለመደው የሀብትና ዕዳ መግለጫ ቀርቶ በመፍረስ ላይ ያለ የተጣራ ሀብት መግለጫ ይዘጋጃል፣ እስከ መጨረሻው የሚወጣው የማፍረሻ ወጪም አስቀድሞ ይታሰባል።

አንድ ነገር ብዙ የሒሳብ ሠራተኞችን ጭምር ያሳስታል። ዓመቱ በሰኔ 30 ተዘግቶ የመዝጋት ውሳኔው በነሐሴ ቢወሰን፣ መግለጫው ገና ካልጸደቀ የሰኔ 30ው ሒሳብ በቀጣይነት ግምት ሊወጣ አይችልም። ሌሎች ከመዝጊያው ቀን በኋላ የመጡ ክስተቶች በማብራሪያ ብቻ ሊታለፉ ይችላሉ፤ ይህ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የመግለጫውን መሠረት ይለውጣል።

የዱቄት አቅራቢው በሰኔ 30 ሒሳብ ላይ ማየት የሚገባው ታዲያ የ2.8 ሚሊዮኑን መስመር አይደለም። የመሠረታዊ ፖሊሲዎች ማብራሪያ ውስጥ ስለ ቀጣይነት የተጻፈውን አንቀጽ፣ የኦዲተሩ ሪፖርት ውስጥ በዚያ ርዕስ የተከፈተ ክፍል መኖሩን፣ ከዚያም የአቅራቢዎች ዕዳ ካለፈው ዓመት ምን ያህል እንዳደገ ይመልከት። ዳቦው ጨምሮ ካልተሸጠ ዕዳው ከ700 ሺህ ወደ 1.4 ሚሊዮን የደረሰው በእሱ ዱቄት ነው።