ሃያ የክራር ትምህርት በአንድ ክፍያ

አንድ የክራር መምህር ለአንድ ክፍለ ጊዜ 500 ብር ያስከፍላል እንበል። አሥር ክፍለ ጊዜ በአንድ ላይ ለሚከፍል 4,500፣ ሃያ ለሚከፍል ደግሞ 8,000 ብር ያደርግለታል። የሃያው ጥቅል ሲካፈል አንዱ 400 ብር ስለሚወጣ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ውሉ ግን በአራት ወር ያላለቀ ትምህርት ይቃጠላል ይላል። አራት ወር አሥራ ሰባት ሳምንት ያህል ነው። በሳምንት አንዴ የሚማር ሰው አንድም ቀን ባይቀር ሦስቱ ይቃጠሉበታል፤ የተማረው አንዱ ክፍለ ጊዜም 470 ብር ገደማ ይሆንበታል። አሥሩን ቢገዛ 450 ብር ነበር። በዓልና ሕመም ሲጨመርበት ይብሳል።

ስምንት ተምሮ የሚያቋርጥስ? ቀሪው አሥራ ሁለት በ400 ከታሰበ 4,800 ብር ይመለስለታል። አንዳንድ መምህራን ግን የተማረውን ስምንቱን በነጠላው ዋጋ፣ በ500 ያስባሉ፤ ያኔ ተመላሹ 4,000 ብር ነው። ቅናሹ የተሰጠው ሃያውን ለሚጨርስ በመሆኑ ይህ አግባብ ይመስለኛል፤ ስሌቱ ከክፍያው በፊት በጽሑፍ እስከተነገረ ድረስ። መምህሩ ራሱ የቀረበት ቀን ግን ከጥቅሉ ሊቀነስ አይገባም፤ የማብቂያው ቀንም በዚያው ልክ መገፋት አለበት።