ግድግዳ ውስጥ የሚገባ የኤችዲኤምአይ ገመድ፦ ከቁጥሩ በፊት ርዝመቱን እንጠይቅ



ክረምት ላይ ወደ ባኮ፣ ወደ አምቦና ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ቤት ወይም አዳራሽ የሚያሠሩ ሰዎች ይጠይቁናል፦ «ለ4ኬ ቴሌቪዥን የትኛውን ገመድ እንግዛ? 2.0 ወይስ 2.1?» ከልስን በፊት ይህን መመለስ ቀላል ነው። ከልስን በኋላ ግን ግድግዳ ያስፈርሳል።

ሱቅ ውስጥ የሚነገረን ቁጥር የገመዱ አይደለም። ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ የሚግባቡበት ደንብ ቁጥር ነው። ገመዱ የሚለየው በሰከንድ በሚያሳልፈው መረጃ ሲሆን ስሙም በዚያው ይወጣለታል፦ «ሃይ ስፒድ» እስከ 10 ጊጋቢት ገደማ፣ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» 18፣ «አልትራ ሃይ ስፒድ» 48 ጊጋቢት ያሳልፋል። የተፈተሹት ሁለቱ የኋለኞቹ ማሸጊያቸው ላይ በስልክ ስካን ተደርጎ የሚረጋገጥ ምልክት አላቸው።

የ4ኬ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ 18 ጊጋቢት ያህል ይፈልጋል። 30 ጊዜ ከሆነ ግማሹ ይበቃዋል። 1080 የምንለው ምስል በ60 ሩቡን ብቻ ይወስዳል። 48 ጊጋቢቱ የሚያስፈልገው ለ8ኬ ወይም በሰከንድ 120 ጊዜ ለሚታደስ ጌም ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ 4ኬ ቢሆንም ምንጩ ከ1080 የማያልፍ የሳተላይት ሪሲቨር ከሆነ «ሃይ ስፒድ» ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ራሱ በኢንተርኔት የሚከፍተው ቪዲዮማ በዚህ ገመድ ጭራሽ አያልፍም።

ዋናው ፈተና ርዝመት ነው። በመዳብ ሽቦ የሚሄድ ሲግናል በእያንዳንዱ ሜትር ይዳከማል፤ መረጃው በበዛ ቁጥርም ቶሎ ይዳከማል። 18 ጊጋቢት በተራ የመዳብ ገመድ ከ5 እስከ 7 ሜትር ድረስ ይታመናል። 48 ጊጋቢት ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው። 15 ሜትር የመዳብ ገመድ 1080ን በደህና አሳይቶ 4ኬ ላይ ሊወድቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባኮ ውስጥ በሚሠራ አዳራሽ ላፕቶፑ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ በእህቶች ክፍል ይሰቀላል እንበል። በዓይን ሲታይ 9 ሜትር ነው። ገመዱ ግን ከጠረጴዛ ወደ ላይ 2.5 ሜትር ይወጣል፣ 9 ሜትር ይሄዳል፣ 1.5 ሜትር ይወርዳል፣ በሁለቱም ጫፍ 1 ሜትር ትርፍ ያስፈልገዋል። ድምሩ 15 ሜትር ነው። እዚህ የሚሻለው 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ «አክቲቭ ኦፕቲካል» ገመድ ነው። በጫፎቹ ያሉ ትንንሽ ቺፖች ሲግናሉን ወደ ብርሃን ይለውጡና በፋይበር ያሻግሩታል፣ መዳረሻው ላይም ይመልሱታል። ስለዚህ በአስር ሜትሮች ርቀት እንኳ አይዳከምም።

ይህ ገመድ ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ አቅጣጫ አለው፦ «ሶርስ» የተጻፈበት ጫፍ ላፕቶፑ ጋ፣ «ዲስፕሌይ» የተጻፈበት ቴሌቪዥኑ ጋ ይሰካል። ከተገለበጠ ምስል የለም። ሁለተኛ በሹል ማዕዘን ከታጠፈ ፋይበሩ ይሰበራል፣ አይጠገንም። የሚገባበት ኮንዲዊት ሰፋ ያለ ዙር ይኑረው እንጂ ቀጥ ያለ ክርን አይግባበት። የገመዱ ራስ ከነሽፋኑ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ቱቦው ከ32 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ የመብራት መስመርም አብሮ አይግባበት።

ከመሳብ በፊት ገመዱን መሬት ላይ ዘርግተን በዚያው ላፕቶፕና በዚያው ቴሌቪዥን እንሞክረው። ዊንዶውስ ላይ `Advanced display` ስንከፍት 3840 × 2160 እና 60 Hz ማሳየት አለበት። ከ30 Hz ካልዘለለ የላፕቶፑ ሶኬት የቆየ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ አዲስ ገመድ አይረዳውም። ከዚያ ለሁለት ሰዓት ያህል ቪዲዮ እናጫውት። ሲግናሉ ዲጂታል ስለሆነ ገመድ ሲደክም ምስሉ አይደበዝዝም። ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ይላሉ፣ ወይም ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ይመለሳል። አንድ ጊዜም ቢታይ ያ ገመድ ግድግዳ ውስጥ መግባት የለበትም።

በመጨረሻም ከገመዱ ጋር አንድ የናይለን ሲባጎ በቱቦው ውስጥ ይቅር። ነገ ገመዱ ቢበላሽ ወይም 8ኬ ቢመጣ አዲሱ በሲባጎው ተስቦ ይገባል፤ ልስኑ አይነካም።