ፌስታሉ ያስቃል፣ ቁጥሩ አያስቅም

የሂሳብ መዝገብ አያያዝ አገልግሎትን በሬዲዮ ማስተዋወቅ ፈተና ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም፤ ስሙ ሲነሳ ነጋዴው ትዝ የሚለው ግብርና ቅጣት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ሠሪው ቀልድ ቢያምረው አይፈረድበትም። ነገር ግን ደረሰኙን፣ የባንክ ሂሳቡንና የሠራተኞቹን ደመወዝ ዝርዝር አውጥቶ ለማያውቀው ሰው የሚያስረክብ ነጋዴ የሚፈልገው ጨዋታ አዋቂ አይደለም። የሚታመን ሰው ነው የሚፈልገው።

ክርክሩ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ክላውድ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው የማስታወቂያ መጽሐፉ፣ ሰው ገንዘቡን ለቀልደኛ አይሰጥም የሚል አቋም ይዞ ነበር። ዴቪድ ኦጊልቪም ለረጅም ጊዜ ከዚሁ ወገን ቆይቶ፣ በ1983 ባወጣው መጽሐፉ ቀልድም ገበያ እንደሚያመጣ ተቀብሏል። ተመራማሪው ማርቲን አይዘንድ ደግሞ በ2009 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርጎ ሲመረምር ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት እንዳለ አሳየ፦ ቀልድ ጆሮ ይስባል፣ ማስታወቂያውንም ያስወድዳል፤ የተናጋሪውን ተአማኒነት ግን ይቀንሳል። ለለስላሳ መጠጥ ይህ ብዙም ጉዳት የለውም። ለሂሳብ ባለሙያ ግን ተአማኒነት ዋናው ሸቀጥ ነው።

እኔ የምመርጠው መፍትሔ የሚያስቀውንና ቃል የሚገባውን ሰው መለየት ነው። ሠላሳ ሰከንድ የሚፈጅ ማስታወቂያ እንውሰድ። ረጋ ተብሎ ሲነበብ ከሃምሳ ቃል ብዙም አያልፍም፤ አንድ ቀልድ እንጂ ሁለት አይችልም።

ሚስት፦ ይሄ ፌስታል ምንድን ነው?
ባል፦ ደረሰኝ።
ሚስት፦ ያኛውስ?
ባል፦ ደረሰኝ።
ሚስት፦ አልጋ ሥር ያለውስ?
ባል (ትንሽ ዝም ብሎ)፦ እሱ... የአምና ነው።

እዚህ ላይ ሙዚቃም ሳቅም ይቆማል። ሌላ ድምፅ፣ ሳይቸኩል፦ «ደረሰኞችዎን ከነፌስታሉ ያምጡልን። በየወሩ እንመዘግባለን፤ የታክስ ማሳወቂያዎን ቀኑ ሳያልፍ እናቀርባለን።» ከዚያ የድርጅቱ ስም፣ የወር ክፍያው መነሻና ስልክ ቁጥሩ ይከተላሉ። ጨዋታው ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቀሪው ለቁም ነገሩ ነው።

የሚያስቀው ባልየው ነው፤ እሱም ደንበኛው ራሱ ነው፣ ወይም ጎረቤቱ። ነጋዴው «እኔን ነው የሚለው» ብሎ ይስቃል እንጂ አይከፋም፣ ምክንያቱም ሚስትየዋ አልሰደበችውም፤ ጠየቀችው እንጂ። ሂሳብ ሠራተኛው ግን በጨዋታው ውስጥ የለም። መነጽሩን የሚፈልግ፣ ቁጥር የሚምታታበት ሂሳብ ሠራተኛ ቢገባበት ኖሮ ሳቁ ይበልጥ ይደምቅ ነበር፤ ደንበኛው ግን ስልኩን አያነሳም። «ከነፌስታሉ» የምትለው ቃልም ዝም ብላ አልገባችም። ቀልዱን ከአገልግሎቱ ጋር የምታያይዘው እሷ ናት፤ ያለ እሷ ባልና ሚስቱ ሌላ ማስታወቂያ ውስጥ የቀሩ ይመስላሉ።

ከሁሉ የሚከፋው በቃል ኪዳኑ ላይ መቀለድ ነው። አስተዋዋቂው «ግብርዎን እናቀላለን» ብሎ ቢስቅ፣ ሰምና ወርቅ የለመደ አድማጭ ወርቁን ወዲያው ያገኘዋል፦ እነዚህ ሰዎች ሂሳብ ይሰውራሉ። ቀጥተኛው ነጋዴ ይሸሻል፤ የሚደውለው ሊያጭበረብር ያሰበው ነው፣ እሱ ደግሞ ለድርጅቱ መዘዝ ይዞ ይመጣል። «ከእኛ ጋር ቅጣት የለም» ማለትም በቀልድ አይታለፍም። ደንበኛው ደረሰኝ ደብቆ ቢያስቀር ሂሳብ ሠራተኛው ሊያድነው አይችልም፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ስንቀልድ ነው» የሚል መልስ ማንንም አያረካም።

ማስታወቂያው ገንዘብ ተከፍሎበት ከመተላለፉ በፊት በዝግጅቱ ላልነበሩ ጥቂት ነጋዴዎች ማሰማት አይከብድም። ወዲያው ሳቁ ወይ ብሎ መቁጠር ግን የትም አያደርስም። በማግስቱ «የምን ማስታወቂያ ነበር?» ተብለው ይጠየቁ። የባልና ሚስቱን ወግ በደንብ እየደገሙ «የሆነ ድርጅት ነው» ካሉ ቀልዱ ስሙን ውጦታል፤ ያኔ ጨዋታውን አሳጥሮ ስሙን ሁለት ጊዜ ማስገባት ነው። ስሙን አስታውሰው «ደረሰኝህን ትሰጣቸዋለህ?» ሲባሉ የሚያቅማሙ ከሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ድምፅ ነው፤ አንባቢው የቀልዱ ለዛ ስላልለቀቀው እየፈገገ አንብቦታል። እንደገና መቅዳት ይሻላል።

ጊዜም ይታይ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ ብዙ ነጋዴ ሂሳቡ አልደርስ ብሎት ይጨነቃል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያሳቀው የአልጋ ሥር ፌስታል ያኔ እንደ ሹፈት ሊሰማው ይችላል። ደግሞም ቀን ከሌት ሲሰማ የከረመ ቀልድ እስከዚያ መሰልቸቱ አይቀርም። ለሐምሌ ባልና ሚስቱን አስቀርቶ ሁለተኛውን ድምፅ ብቻ፣ በአሥራ አምስት ሰከንድ ማስተላለፍ ይበቃል፤ ወጪውም ይቀንሳል።