ጨጓራዬን ያመኛል፤ የቱ ጋ ልግባ?

ሥራ አስኪያጁ ከመሳቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ የዘረጉልኝ ወረቀት የክሊኒኩ የአደረጃጀት መዋቅር ነበር። ከላይ ቦርዱ፣ ከሥሩ ሜዲካል ዳይሬክተሩ፣ ከዚያም ዐሥራ ሰባት ክፍሎች እንደ ዘር ሐረግ ወደ ታች ይወርዳሉ። “ይኸው፣ ካርታው አለቀልህ። ድረ ገጹን በዚሁ ሥራው” አሉኝ።

የቀድሞው ድረ ገጻቸውም የተሠራው በዚሁ ነበር። ሜኑውን ስትነካው “የውስጥ ደዌ”፣ “ዲያግኖስቲክ ኢሜጂንግ”፣ “የማኅፀንና ጽንስ”፣ “አንገት በላይ” እያለ ይዘረዝራል። የክፍል ኃላፊዎቹ ሁሉ ስማቸውን እኩል ተጽፎ ስለሚያዩት ቅር የሚለው የለም። ቅር የሚለው ጨጓራው እያቃጠለው በእኩለ ሌሊት ስልኩን የሚጎረጉረው ሰው ነው። “ጨጓራ” የሚል ቃል የትም የለማ።

የድረ ገጽ ካርታ የሚባለው ቀለሙና ፎቶው ከመመረጡ በፊት የሚሣል ነገር ነው። የትኞቹ ገጾች እንደሚኖሩና የቱ በየቱ ሥር እንደሚያርፍ አንድ ወረቀት ላይ ይታያል። ሜኑ ደግሞ ከዚያ ካርታ ውስጥ ለእንግዳው ከደጃፍ ላይ የሚታየው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ካርታው ላይ ሰማንያ ገጽ ሊኖር ይችላል፣ ሜኑው ላይ ግን አምስት ስም ይበቃል። (ለጎግል የሚዘጋጀው `sitemap.xml` የተባለው ፋይል ሌላ ጉዳይ ነው። የፍለጋ ማሽን ገጾቹን አንድም ሳይቀር እንዲያገኛቸው የሚረዳ ዝርዝር እንጂ ሰው የሚመራበት አይደለም።)

የአደረጃጀቱን ወረቀት አመስግኜ አጠፍኩትና ሁለት ጠዋት ካርድ ክፍል ሄጄ ተቀመጥኩ። በዚህ ሥራ ከካርድ ክፍል የተሻለ መነሻ አላውቅም። ስልኩ ሲጮኽ፣ መስኮቱም ሲንኳኳ ሰው የሚናገረው በራሱ ቃል ነው። “ጎኔን ይወጋኛል።” “ለልጄ የዘጠኝ ወር ክትባት አላችሁ?” “የትናንቱ ውጤቴ ደረሰ?” “ያቺ የቆዳ ሐኪም ቅዳሜ ትገባለች?” “ራጅ ስንት ነው?” ስለ ተቋሙ ራእይና ተልእኮ የጠየቀ አልሰማሁም። የድሮው ሜኑ የመጀመሪያ ቦታ የተሰጠው ግን ለእሱ ነበር።

የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ልብ ብዬ ስሰማት ደግሞ፣ ማንም ይደውል ማን፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የምትጠይቀው። “ለልጅ ነው ለአዋቂ?” ትላለች። ቀጥላ “ሐኪም አዞልዎት ነው ወይስ መጀመሪያዎ ነው?” ትላለች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደምትልከው ታውቃለች። ሐኪም ያዘዘለት ሰው የሚፈልገውን ነገር ስም ይዞ ነው የመጣው፤ ወረቀቱ ላይ አልትራሳውንድ ተብሎ ተጽፎለታል፣ የቀረው ዋጋውና ሰዓቱ ነው። መጀመሪያው የሆነ ሰው ግን ሕመሙን እንጂ ስም አያውቅም። እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ በር ማስገባት አይቻልም። ካርታውን የከፈለልኝ ይህ የእሷ ጥያቄ ነው።

የሰማሁትን ስድሳ በሚያህሉ ትናንሽ ካርዶች ላይ ጻፍኩና ተጠባባቂዎችን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ “አብረው ይሄዳሉ የሚሏቸውን ከምሩልኝ፣ ለክምሩም ስም ስጡልኝ” አልኳቸው። ይህ ዘዴ ካርድ መደልደል የሚባለው ነው። ዐሥራ አምስት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ክምሮቹ መደጋገም ይጀምራሉ። አንድ ጥንቃቄ አለው። ሦስት ካርዶች ላይ “ሕክምና” የሚል ቃል ከጻፍክ ሰው ትርጉሙን ትቶ ቃሉን ያዛምዳል፤ ሦስቱም አንድ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ “የጥርስ ሕክምና” ያልኩትን “ጥርስ ማስነቀል” ብዬ ደግሜ ጻፍኩት።

ክምሮቹ የአደረጃጀቱን ወረቀት አልመሰሉም። የደም ምርመራ፣ ራጅና አልትራሳውንድ ክሊኒኩ ውስጥ የሁለት ክፍሎች ሥራ ናቸው፤ ሰዎቹ ግን አንድ ላይ ጣሏቸው። የእርግዝና ክትትልና የሕፃናት ክትባት ፎቃቸው እንኳን የተለያየ ነው፤ እናቶቹ “የእናትና የልጅ” ብለው አንድ ላይ ከመሯቸው። እኔን የጠቀሙኝ ግን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የወደቁት ካርዶች ናቸው። ኢንዶስኮፒን ገሚሱ ከጨጓራ ጋር፣ ገሚሱ ከራጅ ጋር አደረገው። እንዲህ ያለ ካርድ ሁለት በር እንደሚያስፈልገው እየነገረህ ነው።

ታዲያ ሁለት በር ማለት ሁለት ቤት ማለት አይደለም። የቀድሞው ድረ ገጽ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንዶስኮፒ አንዴ በውስጥ ደዌ ሥር፣ አንዴ በመሣሪያዎች ሥር ሁለት ገጽ ነበረው። አንደኛው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ያዛል። ሌላኛው “ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ” ብቻ ይላል። ሁለተኛውን ያነበቡ አንዲት እናት ቁርሱን ትተው ሻያቸውን በወተት ጠጥተው መጡ። ቀጠሯቸው ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ ከሱሉልታ ነበር የመጡት። አሁን የኢንዶስኮፒ ቤቱ አንድ ነው። የጨጓራው ገጽም፣ የሐኪሙ ገጽም፣ የዋጋው ዝርዝርም ወደዚያው ይልካሉ። የጾሙ መመሪያ ሌላ ቦታ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ሲለወጥ የሚለወጠው አንድ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ካርታ እንዲህ ተሠርቶ ሲያልቅ በጣም ወድጄው ነበር። የከሸፈው ፈተናው ላይ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ቀለምና ፎቶ ሳይኖር የገጾቹን ስም ብቻ በቅደም ተከተል ለሰው እያሳየህ፣ “ይህ ቢያጋጥምህ የቱን ትነካለህ?” ትላለህ። ጥያቄው ውስጥ የሜኑው ቃል መግባት የለበትም፤ ከገባ መልሱን ነግረኸዋል። “ሦስት ሳምንት ሙሉ ራስ ምታት አልተውህ አለ፤ ሐኪም ማየት ትፈልጋለህ” አልኳቸው። ከዐሥሩ ሰዎች ስድስቱ “ምርመራዎች” የሚለውን ነኩ። እኔ በዚያ ሥር ያስቀመጥኩት ላብራቶሪና ራጅ ነበር።

ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። እኛ “ልመረመር ሄድኩ” ስንል ደም ሰጠሁ ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ፊት ቀርቤ ታየሁ ማለታችንም ነው። “ሕክምና” እና “ምርመራ” በሐኪሙ አፍ ሁለት ነገር ናቸው፣ በታካሚው አፍ ግን አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። እንዲህ ሲሆን ማብራሪያ መጨመር አይረዳም፤ ሜኑ ላይ ማብራሪያ የሚያነብ የለም። የወል ስሙን ጥዬ ነገሮቹን በስማቸው ጠራኋቸው፦ “ላብራቶሪ፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድ”። ረዘመ፣ ግን በሁለተኛው ዙር የተሳሳተ አንድ ሰው ብቻ ነው። “ለታካሚዎች” የሚለውንም ያኔ ሰረዝኩት። ወደ ክሊኒክ ድረ ገጽ የሚመጣው ሁሉ ታካሚ ወይም የታካሚ ዘመድ ስለሆነ፣ ያ ስም ቦታ ያጡ ገጾች የሚጣሉበት ጓዳ ከመሆን አያልፍም።

የጸደቀው የላይኛው ረድፍ ይህ ነው፦

```
መነሻ
├─ ምንዎን ያምዎታል?
├─ እናትና ልጅ
├─ ላብራቶሪ፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድ
├─ ሐኪሞቻችን
└─ ቀጠሮ፣ ዋጋ፣ አድራሻ
```

ድንገተኛ እዚህ ዛፍ ውስጥ የለም። እሱ በየገጹ አናት ላይ ሲነኩት የሚደውል ቀይ ቁልፍ ሆነ፤ ደም የሚፈሰው ሰው ዛፍ አይወጣም።

ሥራ አስኪያጁ “ሜኑ ከሰባት መብለጥ የለበትም ይባላል፣ አይደል?” ብለው ነበር። ብዙ ሰው ይህን ይላል። ነገሩ የተወሰደው ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1956 ካሳተመው ጽሑፍ ነው፤ እሱ የጻፈው ግን ሰው ለአፍታ በአእምሮው ስለሚይዘው ነገር ነው። ሜኑ ዓይን ፊት ስላለ በቃል መያዝ አያስፈልግም። አምስት ያደረግኩት በሰባቱ ሕግ አይደለም። ሰዉ የሚገባው በስልክ ነው፤ በዚያ ስክሪን ላይ ደግሞ ሳያንሸራትት ሊያነበው የሚችለው ይህን ያህሉን ነው።

ከክፍል ኃላፊዎቹ ጋር የነበረው ስብሰባ ከሥዕሉ ይልቅ ከበደኝ። የአንገት በላይ ሐኪሙ “ክፍሌ ከሜኑ ጠፋ” አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ስሙ ፈጽሞ ከጠፋ ሌላ ችግር ያመጣል። ከሌላ ሆስፒታል የመጣ የሪፈር ወረቀት ላይም፣ በራቸው ላይ ባለው ጽሑፍም የተጻፈው “አንገት በላይ” ነው። ስለዚህ በጆሮው ገጽ፣ ከርዕሱ ቀጥሎ፣ “በአንገት በላይ ክፍል፣ 2ኛ ፎቅ” የሚል መስመር ገባ። ከሥሩም ለሕፃን ከሆነ በሕፃናት ሐኪም እንዲጀምሩ የሚል ሊንክ አለ፤ የክሊኒኩ አሠራር እንደዚያ ስለሆነ።

የእኛን ፊደል የሚመለከቱ ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ፍለጋው ነው። አንዱ “ሕፃናት”፣ ሌላው “ህጻናት”፣ ሦስተኛው “ሕጻናት” ብሎ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ሀን ከሐ፣ ጸን ከፀ እንደ ተለያዩ ፊደላት ስለሚያያቸው “አልተገኘም” ይላል። ባለሙያው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ከመፈለጉ በፊት ወደ አንድ እንዲያመጣቸው ማዘዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የገጹ አድራሻ ነው። አድራሻውን በአማርኛ ብትጽፈው “ልጆች” የምትለው ሦስት ፊደል ኮፒ ተደርጋ ሌላ ቦታ ስትለጠፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ትሆናለች፦

```
/%E1%88%8D%E1%8C%86%E1%89%BD
```

ይህን በስልክ ለሰው ልትነግረው አትችልም፤ ማስታወቂያ ላይም አይታተምም። ስለዚህ ስሞቹ በአማርኛ፣ አድራሻዎቹ ግን `/children` እና `/stomach` ዓይነት አጫጭር ሆኑ። አድራሻው ላይ የክፍል ስም አልገባም፤ ክፍሎች ይዋሐዳሉ፣ ፎቅም ይቀይራሉ፣ ጨጓራ ግን ጨጓራ ነው።

ካርታው ዛሬ ካርድ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሠራተኛዋ “ድረ ገጻችሁ ላይ አጣሁት” የሚል ሰው በደወለ ቁጥር ሰውየው ይፈልገው በነበረው ነገር ላይ በእስክሪብቶ አንድ ጭረት ታሰፍራለች። በመጀመሪያው ወር ብዙ ጭረት የተሰበሰበው ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ራሷ በእጇ በጨመረችው ጥያቄ አጠገብ ነው፦ “መኪና ማቆሚያ አላችሁ?” እኔ ለዚያ ገጽ አልሣልኩለትም ነበር።